የጀበና ኢሞጂ ጠይቄ ለምን እንዳልተሳካልኝ

የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እሁድ እሁድ የማይቀር ነገር አለ። እናቴ ቡና ስታፈላ ፎቶ ትልካለች፤ ውጭ ያሉት እህቶቼ ደግሞ ከያሉበት በኢሞጂ ይመልሱላታል። አንዷ ☕ ትልካለች፣ ሌላዋ 🫖። አንድ እሁድ እናቴ በድምፅ መልእክት «ልጆች፣ ይሄ እኮ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው! ስልኩ ጀበና የለውም እንዴ?» አለች። ሁላችንም ፈለግን። የለም። እኔም «ቆይ፣ እኔ አስገባዋለሁ» አልኩ።

አላስገባሁትም። ማመልከቻ ጽፌ ላክሁ፣ ወራት ጠበቅሁ፣ ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ግን «መሶብ ላስገባ ነው»፣ «ክራር ላስገባ ነው» የሚሉ ሰዎች ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ የሚነግሩኝ እኔ ያኔ የጻፍኩትን ነው፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድና የት የት እንደተሰናከልኩ ልጻፈው።

መጀመሪያ ያልገባኝ ነገር ኢሞጂ ምን እንደሆነ ነው። ሥዕል ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተር ፊደል ነው። የእኛ «ሀ» U+1200 የሚባል ቁጥር አላት፤ ☕ ደግሞ U+2615። ሁለቱም ያሉት አንድ መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡን የሚይዘው የዩኒኮድ ኮንሶርቲየም የሚባል ካሊፎርኒያ ያለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት አባላቱ ናቸው። ከዚህ መዝገብ ውስጥ አንዴ የገባ ፊደል መቼም አይወጣም። ሰው ባይጠቀምበትም፣ ፋሽኑ ቢያልፍበትም እስከ ዘላለም እዚያው ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቁ የገባኝ። በ2024 የወጣው ኢሞጂ 16.0 ላይ የተጨመሩት አዳዲስ ኢሞጂዎች 8 ብቻ ናቸው፣ ከዓለም ሁሉ።

ማመልከት የሚችለው ማንም ሰው ነው፤ ክፍያ የለውም። የሚቀበሉት ግን ዓመቱን ሙሉ አይደለም። በቅርብ ዓመታት መስኮቱ የሚከፈተው መጋቢት መገባደጃ ላይ ሆኖ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል 2 አካባቢ ማለት ነው፣ የሚዘጋው ጁላይ 31 ነው። ፎርም ትሞላለህ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማመልከቻህን ታያይዛለህ። ዩኒኮድ ራሱ አብነት አዘጋጅቷል፤ ርዕሶቹን ሳትቀይር፣ ሳትዘል መሙላት ነው። እኔ ሁለት ርዕስ አዋህጄ ነበር፤ አታድርጉት። ካመለከትክ በኋላ ኢሞጂን ብቻ የሚያየው የሥራ ቡድን ያነበዋል። ከወደደው ለዩኒኮድ ቴክኒካል ኮሚቴ ያቀርበዋል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ኮሚቴው ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

ማመልከቻዬን የጀመርኩት በታሪክ ነበር። ቡና ከኢትዮጵያ መሆኑ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ የጎረቤት መጠራራት፣ ሽማግሌ ቡና ላይ ሰው ሲያስታርቅ። ሁለት ገጽ ሙሉ። አሁንም ሳነበው ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንባቢዎቹ የሚጠይቁት «ይህ ነገር ትልቅ ነው ወይ?» ብለው አይደለም። የሚጠይቁት «ይህን ምልክት በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች በየቀኑ መልእክታቸው ላይ ይጠቀሙታል ወይ? ማስረጃውስ የታለ?» ብለው ነው። የባህል ክብር እዚያ ገጽ ላይ ነጥብ የለውም። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩት፤ ክብር ቢቆጠር ኖሮ የማን ክብር ይቀድማል ተብሎ ሊለካ ነው?

ከዚያ ፊርማ አሰባሰብኩ። ጓደኞቼ፣ የሰፈር ልጆች፣ የእህቶቼ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አባላት፣ ሁሉም ፈረሙ። ብዙ ቀን ፈጀብኝ፣ እንደ ዋና ማስረጃም አያያዝኩት። የዩኒኮድ የማመልከቻ መመሪያ ላይ ግን የፊርማ ማሰባሰቢያና «ብዙ ሰው ጠይቋል» የሚል ክርክር እንደማስረጃ እንደማይታይ በግልጽ ተጽፏል። ምክንያቱ ይገባል፤ ፊርማ በዘመቻ ይሰበሰባል፣ ኩባንያ ገንዘብ አውጥቶም ሊያሰበስብ ይችላል። መመሪያውን ያነበብኩት ፊርማውን ከሰበሰብኩ በኋላ መሆኑ ነው ያናደደኝ። እናንተ አስቀድማችሁ አንብቡት።

ሦስተኛው ጥፋቴ ንጽጽሩ ነው። «ሱሺ 🍣 ካለ፣ ይቺ ነጭና ሮዝ ጥቅልል ያላት የጃፓን የዓሣ ቁራጭ 🍥 እንኳን ካለች፣ ጀበና ለምን አይኖርም?» ብዬ ጻፍኩ። በጣም የተማመንኩበት አንቀጽ ይሄ ነበር። ለካ መመሪያው ይሄንንም ስሙን ጠርቶ የተሳሳተ ንጽጽር ይለዋል። እነ 🍥 በማመልከቻ አልገቡም። የጃፓን የስልክ ኩባንያዎች የራሳቸው ኢሞጂ ነበራቸው፤ አንዱ ኩባንያ ስልክ ላይ የተጻፈ መልእክት ሌላው ላይ እንዳይበላሽ ተብሎ በ2010 ዩኒኮድ 6.0 ላይ የነበሩት እንዳሉ ተመዘገቡ። ያ በር ከዚያ በኋላ ተዘግቷል። ስለዚህ «እገሌ ካለ እኔስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማመልከቻችሁ ላይ ካለ አውጡት። ለሌላው ክርክራችሁ ያላቸውን እምነትም ይቀንስባችኋል።

ግን እነዚህ ሁሉ ቢስተካከሉም የኔን ማመልከቻ የሚጥል አንድ ነገር ነበር። ዝሆን።

ማመልከቻው ላይ ሰዎች ስለምትጠይቀው ነገር ምን ያህል እንደሚያወሩና እንደሚፈልጉ ማሳየት አለብህ። ከሚጠየቁት መካከል የጉግል ቪዲዮ ፍለጋ ውጤት፣ ቃሉ በየጊዜው ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚያሳየው የጉግል ትሬንድስ ግራፍ ለድረ ገጽ ፍለጋና ለምስል ፍለጋ ለየብቻ፣ እና ቃሉ በመጻሕፍት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ የሚያሳየው የጉግል ቡክስ ግራፍ አሉ። ሁሉንም የግል የብራውዘር መስኮት ከፍተህ ትፈልጋለህ፤ ያለበለዚያ ጉግል የአንተን ልማድ አይቶ ውጤቱን ያጣምመዋል። ስክሪንሾት ታነሳለህ። ግራፎቹ ላይ ደግሞ የአንተን ቃል ብቻውን አታሳይም፤ elephant ከሚለው ቃል ጋር አስተያይተህ ነው። 🐘 በአጠቃቀም ከነባሮቹ ኢሞጂዎች መሃል አካባቢ ስላለ መለኪያ አድርገውታል።

ትሬንድስ ላይ በሁለቱ ሣጥኖች jebena እና elephant ብዬ ጻፍኩ፣ ዓለም አቀፍ ብዬ መረጥኩ። የዝሆኑ መስመር ከላይ ከላይ ይሄዳል። የጀበናው መስመር ከታች መሬቱ ላይ ተጋድሟል፤ መኖሩን ለማየት ስክሪኑን አጉልቼ ነበር። በአማርኛ «ጀበና» ብዬ የምስል ፍለጋውን ስሞክር ለማሳየት የሚበቃ ዳታ የለም አለኝ። ወደ መጻሕፍቱ ግራፍ ሄድኩ። እዚያ ከእንግሊዝኛ ሌላ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛ፣ ቻይንኛ፣ ዕብራይስጥ ሁሉ አለ፤ አማርኛ ግን የለም።

እዚህ ላይ የእኛ ችግር ልዩ ነው። ጀበናን የሚጠቀመው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ኤርትራም አለ፣ ሱዳንም ጀበና ይላል። ነገር ግን ጀበና ቤት ያለው ሰው ጀበናን ጉግል ላይ አይፈልገውም። ምን ብሎ ይፈልገዋል? እቤቱ ነው ያለው። የሚፈልገውም ሰው አንዱ jebena፣ አንዱ jabena፣ ሌላው በፊደላችን ይጽፋል፤ ያለችው ትንሽ ቁጥርም ተበጣጥሳ ትቀራለች። ማመልከቻው ላይ ይሄን ማስረዳት ይቻላል፣ እኔም አስረድቻለሁ። ግን ማስረዳት ቁጥሩን አይተካም። ቃላችሁ ከዝሆን ጋር ሲቆም መሬት ላይ ከተጋደመ፣ ሌላውን ከመጻፋችሁ በፊት ቆም በሉ። ይሄን ፍተሻ ለማድረግ አሥር ደቂቃ ይበቃል። እኔ በመጨረሻ ነበር ያደረግኩት፣ ሁለት ወር ከለፋሁ በኋላ።

ሥዕሉም የራሱ ፈተና አለው። ምስሉ በቀለምና በጥቁርና ነጭ፣ በ72 ፒክሰል እና በ18 ፒክሰል ይጠየቃል። መብቱ የአንተ መሆን አለበት፤ ከኢንተርኔት ያወረድከው አይሆንም፣ ስምምነት ላይ ትፈርማለህ። ግራፊክስ የሚሠራ ጓደኛዬ በነጻ ሣለልኝ። በ72ቱ ቆንጆ ነው፣ አንገቱ፣ እጀታው፣ መክደኛው ሳይቀር ይታያል። በ18ቱ ግን አንገቱ ቀጥ ያለ አንድ መስመር ሆነ፣ እጀታው ከሆዱ ጋር ተጣበቀ። ለእህቴ ልጅ ስልኬን ሰጥቼ «ይሄ ምንድነው?» ብለው «ቅል ነው?» አለኝ። ሦስት ጊዜ ተሻሽሎ እንኳን ከቅል ብዙም አልራቀም። እናንተም ምንም ሳትነግሩት ለአንድ ሰው አሳዩ። አውቆት ካልተናገረ ነገሩ አላለቀም።

ደግሞም የላክሁት ሥዕል ስልክ ላይ የሚወጣው እሱ አይደለም። ዩኒኮድ የሚመዘግበው ቁጥሩንና ስሙን ነው። አፕል የራሱን ይስላል፣ ጉግል የራሱን፣ ሳምሰንግ የራሱን። «የግድ ጥቁር ሸክላ ይሁን፣ አንገቱ ላይ ይሄ ጌጥ ይኑረው» ብሎ ማዘዝ አይቻልም።

መልሱ መስኮቱ ከተዘጋ ከወራት በኋላ በኢሜል መጣ፤ አጭር ነበር። ዝርዝር ምክንያት አልተጻፈበትም። ያልተቀበሉት ሐሳብ ደግሞ ወዲያው ተመልሶ አይታይም፣ የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ስለዚህ ችኮላ ዋጋ ያስከፍላል። በዚያ ጊዜ ያደረግኩት ተቀባይነት ያገኙ ማመልከቻዎችን ማንበብ ነው። ዩኒኮድ ድረ ገጹ ላይ በፒዲኤፍ አስቀምጧቸዋል፣ ማንም ያገኛቸዋል። ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ሁለት ናቸው።

አንዱ 🥟 ነው፣ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀለው ምግብ። ነገሩን የጀመሩት በ2015 ጄኒፈር 8. ሊ የምትባል ጋዜጠኛና ይይንግ ሉ የምትባል ዲዛይነር ናቸው፤ በ2017 ጸደቀ። ሁለቱም የቻይና ዝርያ አላቸው፤ «ይሄ የቻይናውያን ምግብ ነው» ብለው መሟገት ይችሉ ነበር። ክርክራቸው ግን ፖላንዶች ፒየሮጊ፣ ኔፓሎች ሞሞ፣ ጃፓኖች ግዮዛ፣ ጣልያኖች ራቪዮሊ ይሉታል፣ ሁሉም ሕዝብ አለው፣ ኢሞጂው ግን የለም የሚል ነበር። ሌላው 🧕 ነው። በ2016 ያቀረበችው ራዩፍ አልሁመይዲ፣ ያኔ በርሊን የምትኖር የ15 ዓመት የሳዑዲ ልጅ ነበረች። እሷን ያነሳሳት ሒጃብ ነው፤ የተመዘገበው ስም ግን ሒጃብ አይደለም፣ «ሻሽ ያሰረ ሰው» የሚል ነው። ሻሽ የምታስር ማንኛዋም ሴት፣ ነጠላ የተከናነበችም ብትሆን፣ ልትልከው ትችላለች።

ሁለቱም የጀመሩት ከራሳቸው ቤት ነው፤ የጻፉት ግን ለሁሉም ቤት ነው። እኔ የጀመርኩትም የጻፍኩትም ለቤቴ ነበር።

«ታዲያ ጀበናን ለምን የቡና ማፍያ ብለህ አታሰፋውም?» የሚሉኝ አሉ። አስቤበታለሁ። የዓረቦች ደላ አለ፣ የቱርኮች ጀዝቬ አለ፣ የጣልያኖች ሞካ አለ። coffee pot ብዬ ግራፉን ሳየው ከዝሆን በታች ቢሆንም ከመሬት ብድግ ይላል። ግን ሌላ ጉድጓድ አለ። ያለው ኢሞጂ ሊገልጸው የሚችል ነገር አይጸድቅም። ☕ በመዝገቡ ላይ ስሙ «ትኩስ መጠጥ» ነው፣ 🫖 ከ2020 ጀምሮ አለ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታደርግ የቡና ማፍያ ተባለ ማለት ነው። ቢጸድቅ እንኳን አፕል የጣልያኑን ሞካ ቢስል ምንም ማለት አልችልም። ያኔ እናቴ «ይሄማ ጀበና አይደለም» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ጠበብ ሲል ቁጥር አይሞላም፣ ሰፋ ሲል ያለውን ይደግማል። ጀበና የወደቀው በዚህ መሃል ነው ብዬ አምናለሁ።

እንጀራም እንደዛው ነው። 🫓 በ2020 ሲገባ ስሙ ጠፍጣፋ ዳቦ የሚል ነው፤ እንጀራ ለብቻው ከመጣ «ይሄ አለ» ይባላል። ከበሮ ያሰባችሁ ደግሞ 🪘 ረጅም ከበሮ ተብሎ ገብቷል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ሌላው ነገር ባንዲራ ነው፤ ከ2022 ጀምሮ የማንኛውም ዓይነት ባንዲራ ማመልከቻ አይቀበሉም። 🇪🇹 ያለችው አገሮች በሁለት ፊደል ኮድ ስለሚመዘገቡ ነው፣ ማንም አመልክቶ አላስገባትም። ላሊበላን የመሰለ የታወቀ ሕንፃ፣ የታወቀ ሰው፣ የድርጅት አርማ፣ ጽሑፍ ያለበት ምስል፣ እነዚህም አይሆኑም።

ቢሳካስ ኖሮ? ቡድኑ ከመረጠው በኋላ ረቂቅ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አዲሱ ስሪት አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ ይወጣል። ረቂቅ ውስጥ ገባ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ለኢሞጂ 17.0 ታስቦ የነበረው የተበላ የፖም እምብርት መጨረሻው ዝርዝር ላይ አልደረሰም። ከወጣ በኋላም ስልኩ ላይ ወዲያው አታየውም። 16.0 የወጣው ሴፕቴምበር 2024 ነው፤ አይፎን ላይ የደረሰው በiOS 18.4፣ ማርች 2025 መጨረሻ ነው። ከማመልከቻው ጀምሮ ብትቆጥር ሁለት ዓመት ገደማ ነው። አሮጌ ስልክ ያለው ዘመድህ ደግሞ ባዶ ሣጥን ነው የሚያየው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሳልፍ ግን አንድ የማላውቀው በር አገኘሁ። የኢሞጂ ስሞችና መፈለጊያ ቃላት በየቋንቋው የሚቀመጡበት ሲኤልዲአር የሚባል የዩኒኮድ መዝገብ አለ፤ አማርኛም እዚያ ውስጥ አለ። ኪቦርድህ ላይ «ቡና» ብለህ ስትጽፍ ☕ የሚመጣልህ ወይም የማይመጣልህ በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል። Survey Tool በሚባለው ገጹ መዝጋቢ ለመሆን አካውንት መጠየቅ ይቻላል፤ በተወሰኑ ወራት ይከፈታል፣ ቃል ታቀርባለህ፣ ሌሎች ተናጋሪዎች ድምፅ ይሰጡበታል። እዚያ ዝሆን የለም። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈለገው።

አዲስ ማመልከቻም እያዘጋጀሁ ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ ያው የእናቴ ፎቶ ላይ ነው፣ ከጀበናው አጠገብ። ዕጣን። ኦርቶዶክሱ በጽና ያጥናል፣ ካቶሊኩም ያጥናል፣ የዓረብ ቤቶች ቡኹር ያጨሳሉ፣ ሕንድና ቻይና ያሉ ቤተ መቅደሶች ዕጣን ይጨስባቸዋል። ሰው ለጸሎት ይልከዋል፣ ለመልካም ሽታ ይልከዋል፣ ልቡ እንዲያርፍለት የፈለገ ይልከዋል። ኪቦርዱ ላይ ሻማ 🕯 አለ፣ የዘይት መብራት 🪔 አለ፣ ዕጣን ግን የለም። በዚህኛው መጀመሪያ ያደረግኩት ግራፉን ማየት ነው፤ incense ከዝሆን ጎን ሲቆም መሬት ላይ አይተኛም። ከዚያ ዩኒኮድ የተጠየቁ ኢሞጂዎችን ከነውጤታቸው የሚያስቀምጥበትን ዝርዝር ማየት ነው፤ ከመላኬ በፊት ባለው ሳምንትም እንደገና አየዋለሁ፣ ሌላ ሰው ጠይቆ ውድቅ ከሆነ ልፋቴ ከንቱ ነውና። አሁን የቀረኝ ጭሱ ነው። በ18 ፒክሰል ጭሱ እየጠፋ ማጨሻው ትኩስ ሾርባ ይመስላል። ጓደኛዬ አራተኛውን እየሣለ ነው።

ለእናቴ ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ዕጣን ያለ ቡና?» አለች። «ቡናው እኮ አለ፣ እማዬ፣ ☕ አለ» አልኳት። «እሱ ማኪያቶ ነው» አለችኝ።